የሚጠበቀው 40 ነው ወይስ 25? የካይ-ስኩዌር ዲግሪ ኦፍ ፍሪደምስ 5 ነው ወይስ 2?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብረ ማርቆስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጤፍ የሚዘሩ 240 ገበሬዎችን በመጠይቅ ጠይቄ ነበር፤ 60 ከደጋ፣ 120 ከወይና ደጋ፣ 60 ከቆላ። በመስመር የዘሩት ከደጋ 18፣ ከወይና ደጋ 60፣ ከቆላ 22 ናቸው፤ የቀሩት በብተና ነው የዘሩት። ቀጠናውና የአዘራር ዘዴው ግንኙነት አላቸው ወይ ነው ጥያቄዬ። መጀመሪያ 240ን ለ6 ሳጥን አካፍዬ በየሳጥኑ 40 ይጠበቃል ብዬ ሠራሁ፤ 40.4 መጣ። ጓደኛዬ ሌላ ቀመር ሰጠችኝ፤ በሱ 7.41 መጣ። ሳጥኖቹ 6 ስለሆኑ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን 5 አድርጌ ሠንጠረዡ ላይ 11.07 አገኘሁና ግንኙነት የለም ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ግን ‘ዲግሪ ኦፍ ፍሪደምሽ ልክ አይደለም’ ብለው መለሱልኝ። የቱ ነው ትክክል? ለምን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ የሰጠችሽ ቀመር ትክክል ነው። አማካሪሽም ልክ ናቸው። 7.41ን ያዢው፤ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ ግን 2 ነው። በ2 ሲታይ፣ በ5 በመቶ ደረጃ መታለፍ ያለበት ቁጥር 5.991 ነው። 7.41 ደግሞ ይህን ያልፋል። ስለዚህ «ግንኙነት የለም» ያልሽው ይገለበጣል። ቀመሩን ሳትስቺ፣ ስሌቱንም ሳትስቺ፣ በመጨረሻዋ ቆጠራ ብቻ ድምዳሜሽ ተቀየረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ የወደድኩት።

መጀመሪያ ሠንጠረዥሽን ከነድምሩ እናስቀምጠው። ድምሮቹ በኋላ ሥራ አላቸው።

| | በመስመር | በብተና | ድምር |
|---|---|---|---|
| ደጋ | 18 | 42 | 60 |
| ወይና ደጋ | 60 | 60 | 120 |
| ቆላ | 22 | 38 | 60 |
| ድምር | 100 | 140 | 240 |

አሁን ወደ 40 እንሂድ። የሚጠበቅ ቁጥር ሲባል ማን ነው የሚጠብቀው? እኛ አይደለንም። የሚጠብቀው ናል ሃይፖቴሲሱ ነው። የሚጠበቀው ቁጥር፣ ናል ሃይፖቴሲሱ እውነት ቢሆን ኖሮ በአማካይ በዚያ ሳጥን ውስጥ ስንት ሰው እናገኝ ነበር ለሚለው መልስ ነው። ስለዚህ ናል ሃይፖቴሲሱ ምን እንደሚል በትክክል ሳናውቅ አንዲት ሳጥን መሙላት አንችልም።

ያንቺ ናል ሃይፖቴሲስ «የሚኖሩበት ቀጠና የአዘራር ዘዴውን አይለውጠውም» ነው የሚለው። ከዚህ ሌላ ምንም አይልም። በደጋና በወይና ደጋ እኩል ሰው አለ አይልም። ግማሹ ሰው በመስመር ይዘራል፣ ግማሹ በብተና ይዘራል አይልም። 40 40 ብለሽ ስትሞዪ ግን ሁለቱንም ብለሻል። 40 በየሳጥኑ ካለ፣ እያንዳንዱ ቀጠና 80 ሰው አለው ማለት ነው። ደግሞም በመስመርና በብተና 120 120 ናቸው ማለት ነው። ይህን ማንም አልጠየቀም።

እንደውም ከወይና ደጋ 120፣ ከሌሎቹ 60 60 እንዲሆን የወሰንሽው ራስሽ ነሽ። የረድፎቹን ድምር ብቻ ወስደሽ «80 80 80 ናቸው ወይ?» ብለሽ ብትፈትኚ፣ ካይ-ስኩዌሩ 30 ይመጣል። የናሙና ምርጫሽ ብቻውን ይህን ያህል ግዙፍ ቁጥር ያመጣል፤ ገበሬው እንዴት እንደዘራ ገና ሳይጠየቅ። 40.4 ያን ያህል የገዘፈው በዋናነት ከዚህ የተነሳ ነው። ስለ ግንኙነት የሚነግርሽ ነገር በዚህ ጫጫታ ውስጥ ተውጧል።

ታዲያ ትክክለኛው የሚጠበቅ ቁጥር ከየት ይመጣል? ቀመሩን ለጊዜው እንርሳውና እናስብ። በጠቅላላው ከ240 ገበሬ 100ው በመስመር ዘርቷል። በመቶኛ 41.67 ገደማ ነው። ቀጠናው ምንም ለውጥ የማያመጣ ከሆነ፣ ይህ ድርሻ በደጋም፣ በወይና ደጋም፣ በቆላም ያው መሆን አለበት። ከደጋ 60 ሰው ጠይቀሻል። የ60 ሰው 41.67 በመቶ 25 ነው። ስለዚህ «ደጋ፣ በመስመር» በሚለው ሳጥን የሚጠበቀው 25 ነው። አንቺ ያገኘሽው 18።

ጓደኛሽ የሰጠችሽ ቀመር ይህንኑ ሐሳብ ባጭሩ የጻፈው ነው፦

```
የሚጠበቅ = (የረድፉ ድምር × የአምዱ ድምር) ÷ ጠቅላላ ድምር
ደጋ፣ በመስመር = (60 × 100) ÷ 240 = 25
```

የወይና ደጋው 120 × 100 ÷ 240፣ ማለትም 50 ነው። የቆላው እንደ ደጋው 25። የብተናው አምድ ደግሞ 35፣ 70 እና 35 ይሆናል። አሁን አንድ ነገር አረጋግጪ፤ የሚጠበቁት ቁጥሮች በየረድፉና በየአምዱ ሲደመሩ ያንቺኑ ድምሮች መልሰው መስጠት አለባቸው። 25 እና 35 ሲደመር 60። 25፣ 50 እና 25 ሲደመር 100። ይህ ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስተሻል። በ40ው ብትሞክሪው ወዲያው ይያዛል፦ 40 እና 40 ሲደመር 80 ነው፤ ያንቺ ደጋ ግን 60 ነው። ይህች ማረጋገጫ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም። ማንኛውንም የካይ-ስኩዌር ስሌት ሳይ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው።

ያንቺ ቁጥሮች ክብ ሆነው መጡ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ቁጥር 23.8 ወይም 41.25 ይሆናል። «ሰው እንዴት 0.8 ይሆናል?» ብለሽ እንዳታጠጋጊው። የሚጠበቀው አማካይ ነው እንጂ የሰው ቆጠራ አይደለም። ካጠጋጋሽው ድምሮቹም ይዛባሉ፣ ካይ-ስኩዌሩም ይዛባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በየሳጥኑ፣ ካገኘሽው ላይ የሚጠበቀውን ትቀንሺያለሽ፣ ልዩነቱን በራሱ ታባዢያለሽ፣ ለሚጠበቀው ታካፍያለሽ። ደጋ በመስመር፦ 18 ሲቀነስ 25፣ ልዩነቱ 7፤ 49 ለ25 ሲካፈል 1.96። ደጋ በብተና፦ ልዩነቱ አሁንም 7 ነው፤ 49 ለ35፣ 1.40። ወይና ደጋ፦ ልዩነቱ 10 ነው፤ 2.00 እና 1.43። ቆላ፦ ልዩነቱ 3 ነው፤ 0.36 እና 0.26። ሁሉም ሲደመር 7.41። በጓደኛሽ ቀመር ያገኘሽው ይህንኑ ነው።

በየረድፉ ያለው ልዩነት አንድ ዓይነት መሆኑን አየሽ? በመስመር 7 ከጎደለ፣ በብተና 7 ይተርፋል። ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም የረድፉ ድምር 60 ላይ ታስሯል። ይህን ልብ በይ። የዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ ምስጢር እዚህ ጋ ነው ያለው።

ወረቀት አምጪና ድምሮቹን ብቻ ጻፊ። 60፣ 120፣ 60 በቀኝ፤ 100 እና 140 በታች። ስድስቱ ሳጥኖች ባዶ ይሁኑ። አሁን ደጋ በመስመር ላይ 18 ጻፊ። ደጋ በብተና ላይ ምን ይገባል? 42። ምርጫ የለሽም፤ 60 መሙላት አለበት። ወይና ደጋ በመስመር ላይ 60 ጻፊ። በብተናው 60 ይሆናል፤ አሁንም ምርጫ የለም። ቆላ በመስመርስ? አምዱ 100 መሆን አለበት፤ 18 እና 60 ገብተዋል፤ የቀረው 22 ነው። ቆላ በብተናም በራሱ 38 ሆነ። ስድስት ሳጥን ሞላሽ፤ በራስሽ ፈቃድ የጻፍሽው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። አራቱ ተጎትተው ነው የመጡት። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 2 የሚባለው ይህ ነው።

ቀመሩም ይህንኑ ነው የሚለው፦

```
df = (ረድፍ − 1) × (አምድ − 1) = (3 − 1) × (2 − 1) = 2
```

የድምር ረድፉንና የድምር አምዱን እንዳትቆጥሪ። ሠንጠረዡ ኤክሴል ላይ ሲታይ አራት ረድፍና ሦስት አምድ ይመስላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሳሳትና 3 × 2 ብሎ 6 ይጽፋል።

«ሳጥን ሲቀነስ አንድ» የሚለው ያንቺ ሕግ ከየት መጣ? እሱም የራሱ ቦታ አለው። የሚጠበቁት ድርሻዎች ከዳታው ሳይሆን ከውጭ ሲመጡ ይሠራል። ለምሳሌ ዳይስ ወርውረሽ ስድስቱም ፊት እኩል ይመጣል ወይ ብለሽ ስትፈትኚ፣ ስድስት ሲቀነስ አንድ 5 ነው። እዚያ «አንድ ስድስተኛ» የሚለውን ድርሻ ከወረወርሽው አልወሰድሽውም፤ ቀድሞ ይታወቃል። እዚህ ግን 41.67 በመቶውን ከየት አመጣሽው? ከራስሽ ገበሬዎች። የየቀጠናውንም ድርሻ እንዲሁ። ከዳታው ለተበደረ ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ዲግሪ ይከፈላል። ከ6 ሳጥን ለጠቅላላ ድምሩ 1 ይቀነሳል፣ ለረድፍ ድርሻዎቹ 2 ይቀነሳል (ሦስተኛው ከሁለቱ ይታወቃል)፣ ለአምዱ ድርሻ 1 ይቀነሳል። የሚቀረው 2 ነው። ከሁለቱም መንገድ ያው መጣ።

በዚህ ተሳሳትኩ ብለሽ አታፍሪ። ፈተናውን የፈጠረው ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ሲያሳትመው፣ ድርሻዎቹ ከዳታው ሲገመቱ ዲግሪው መቀነስ እንዳለበት አልተቀበለም ነበር። ለሁለት አቅጣጫ ሠንጠረዥም ልክ እንዳንቺው «ሳጥን ሲቀነስ አንድ» ነበር የሚጠቀመው። በ1915 ግሪንውድና ዩል ሁለት በሁለት በሆነ ሠንጠረዥ ላይ ነገሩ እንደማይገጥም አዩ። ሁለቱን ድርሻዎች በቀጥታ ሲያወዳድሩ አንድ ውጤት፣ በፒርሰን ካይ-ስኩዌር ሲፈትኑ ሌላ ውጤት ይመጣ ነበር። መፍትሔውን በ1922 ያሳተመው ሮናልድ ፊሸር ነው፤ ረድፍ ሲቀነስ አንድ፣ ሲባዛ በአምድ ሲቀነስ አንድ። ፒርሰን በቀላሉ አልተቀበለውም፤ በጽሑፍ ተከራክረውበታል። ፈጣሪው ራሱ ከሃያ ዓመት በላይ የሳተው ነገር ነው።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንድ ነገር እወቂ። ምንም ግንኙነት በሌለበት ዓለም፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው ካይ-ስኩዌር በአማካይ ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ ጋር እኩል ነው። ባንቺ ሠንጠረዥ አጋጣሚ በአማካይ 2 ገደማ ያመጣል። 7.41 ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። 5 ነው ብለሽ ስታስቢ ግን 7.41 ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ይመስላል። በፒ ቫሊዩ ስናየው በ2 ዲግሪ 0.025፣ በ5 ዲግሪ 0.19 ነው። አንዱ ግኝት ነው፤ ሌላው «ምንም አላየሁም» ነው።

ሶፍትዌር ላይ ማረጋገጥ ከፈለግሽ በአር እንዲህ ነው፦

```r
s <- matrix(c(18,42, 60,60, 22,38), nrow = 3, byrow = TRUE)
k <- chisq.test(s)
k$expected
k
```

መጨረሻ ላይ `X-squared = 7.4057, df = 2, p-value = 0.02465` የሚል ታገኛለሽ። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. ከሆነ የምትጠቀሚው፣ `Crosstabs` ውስጥ ገብተሽ `Statistics` ላይ `Chi-square`ን፣ `Cells` ላይ `Expected`ን ምረጪ። ውጤቱን `Pearson Chi-Square` ከሚለው መስመር ነው የምታነቢው። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ማስታወሻ አትለፊያት። ትንሹ የሚጠበቅ ቁጥር ስንት እንደሆነ የምትነግርሽ እሷ ናት። ያንቺ 25 ነው የሚለው፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ስጋት የለብሽም።

ስጋቱ መቼ ይመጣል? እርሻ ላይ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ በመስመር መዝራት ጉልበት ይፈጃል። ገመድ የሚይዝ፣ መስመር የሚያወጣ፣ ዘር የሚያንጠባጥብ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ከማሳው ከፊሉን በመስመር ዘርቶ የቀረውን ይበትነዋል። እነዚህን የት አስገባሻቸው? አንድ ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው መግባት ያለበት። ጠቅላላ ድምርሽ 240 ስለሆነ ሁለቴ የቆጠርሽው ሰው ያለ አይመስልም፤ ይህ ጥሩ ነው።

ግን «ሁለቱንም» የሚል ሦስተኛ አምድ ልክፈት ብትዪና እዚያ የሚገቡት 12 ሰዎች ብቻ ቢሆኑስ? የሚጠበቀው ለደጋ 60 × 12 ÷ 240፣ ማለትም 3 ነው። ለወይና ደጋ 6፣ ለቆላ 3። ሳጥኖቹ 9 ይሆናሉ፣ ዲግሪው 4 ይሆናል። ከዘጠኙ ሁለቱ ከ5 በታች ናቸው፤ 22 በመቶ ገደማ። ዊሊያም ኮክራን በ1954 ያቀረበውና ዛሬም የሚሠራበት መመሪያ፣ ከ5 በታች የሚጠበቅባቸው ሳጥኖች ከ20 በመቶ አይብለጡ፣ ከ1 በታች ደግሞ አንድም አይኑር ይላል። ስለዚህ ለጥቂት መስመሩን አልፈሻል። መመሪያው ግምታዊ ነው፤ በ22 በመቶ ሰማይ አይደፋም። ግን ጠያቂ ሲመጣ መልስ ይኑርሽ። ወይ የፊሸርን ኤግዛክት ፈተና ትሠሪያለሽ፣ ወይ አምዱን ትርጉም ባለው መንገድ ከሌላው ጋር ታዋህጃለሽ። ለምሳሌ «ከማሳው የትኛውንም ክፍል በመስመር የዘራ» ብለሽ ከመስመሩ ጋር። ይህን ስትወስኚ ውጤቱን ዓይተሽ አይሁን። ሁለቱንም ሞክሮ ፒ ቫሊዩው ያነሰበትን መምረጥ ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ መመሪያው የሚናገረው ስለሚጠበቀው ቁጥር እንጂ ስለተገኘው ቁጥር አለመሆኑን ነው። ያገኘሽው 2 ሆኖ የሚጠበቀው 14 ከሆነ ምንም ችግር የለውም። እንደውም ግኝቱ እዚያ ነው።

ሌላው ፈጽሞ የማይደረግ ነገር መቶኛን ማስገባት ነው። ደጋ 30 እና 70፣ ወይና ደጋ 50 እና 50፣ ቆላ 36.7 እና 63.3 ብለሽ ብታስገቢ 8.73 ይመጣል። ከ7.41 የተለየ ነው። ፈተናው የሰው ቁጥር ነው የሚበላው። መቶኛ ስትሰጪው ከየቀጠናው 100 100 ሰው የጠየቅሽ ይመስለዋል። መቶኛው ለአንባቢ ነው፤ ቆጠራው ለስሌት።

አሁን ግንኙነት አለ ተባለ። የት ነው ያለው? ካይ-ስኩዌር ራሱ ይህን አይነግርሽም፤ ከፋፍለሽ ማየት አለብሽ። ከ7.41 ውስጥ ወይና ደጋ 3.43 አዋጥቷል፤ ደጋ 3.36፤ ቆላ 0.62 ብቻ። አር ላይ `k$stdres` ብለሽ የተስተካከለውን ልዩነት ብታዪ፣ በመስመር አምድ ላይ ለወይና ደጋ 2.62፣ ለደጋ −2.12፣ ለቆላ −0.91 ታገኛለሽ። ከ2 ያለፈው ትኩረት ይገባዋል። ስለዚህ ወይና ደጋው ከሚጠበቀው በላይ በመስመር ዘርቷል፣ ደጋው ከሚጠበቀው በታች ነው፣ ቆላው ግን ከአጠቃላዩ አማካይ ይለያል ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። «ደጋና ቆላ ወደ ኋላ ቀርተዋል» ብለሽ አትጻፊ። ስለ ቆላ ይህን የሚል ቁጥር የለሽም።

ጥንካሬውንም ጨምሪበት። ክራመር ቪ የሚባለው፣ 7.41 ለ240 ተካፍሎ ስኩዌር ሩት ሲወጣለት ነው፤ 0.18 ይመጣል። (አምዶችሽ ሁለት ስለሆኑ ነው እንዲህ የቀለለው።) ከ1 ውስጥ 0.18 ደከም ያለ ግንኙነት ነው። ፒ ቫሊዩ ትንሽ ስለሆነ ግንኙነቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ምዕራፍ አራት ላይ እንዲህ ብትዪው በቂ ነው፦ «በመስመር የዘሩት በወይና ደጋ 50 በመቶ፣ በቆላ 37 በመቶ፣ በደጋ 30 በመቶ ናቸው፤ በቀጠናና በአዘራር ዘዴ መካከል ደካማ ግን ጉልህ ግንኙነት ታይቷል (χ² = 7.41፣ df = 2፣ p = 0.025፣ V = 0.18)።» ለምን እንደሆነ ፈተናው አይናገርም። የአፈሩ ጭቃነት ይሁን፣ የጉልበት እጥረት ይሁን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቅርበት ይሁን፣ ከዚህ ሠንጠረዥ አይወጣም። በነገራችን ላይ የየቀጠናውን ቁጥር ቀድመሽ ስለወሰንሽ አንዳንድ መምህራን ፈተናውን የሆሞጄኒቲ ፈተና ይሉታል። ስሌቱም ዲግሪውም ያው ነው፤ በዚህ አትጨነቂ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄሽ ውስጥ አልነገርሽኝም። 240ዎቹን ገበሬዎች እንዴት መረጥሻቸው? ካይ-ስኩዌር እያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው የወሰነ ራሱን የቻለ ምስክር ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው። ጎጃም ውስጥ ግን ኩታ ገጠም አለ። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች በአንድ ላይ፣ በአንድ ዘር፣ በአንድ ዘዴ ይዘራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ አብረው በመስመር ከዘሩ፣ ከዚያ ኩታ ገጠም የጠየቅሻቸው 20 ሰዎች «በመስመር» ይሉሻል። 20 መልስ አገኘሽ፤ ውሳኔው ግን አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ፈተናው ይህን አያውቅም። 20 ምስክር አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ካይ-ስኩዌሩም ይነፋል።

ምን ያህል? በግምት እናስላው። 240ዎቹ ከ12 ቀበሌ 20 20 ሆነው የመጡ ናቸው እንበል። በአንድ ቀበሌ ሰዎች መካከል ያለው መመሳሰል 0.05 ብቻ ቢሆን (ይህ ትንሽ ነው)፣ ማስተካከያው እንዲህ ይመጣል፦

```
1 + (20 − 1) × 0.05 = 1.95
7.41 ÷ 1.95 = 3.80
```

3.80 ከ5.991 በታች ነው። ግኝቱ ጠፋ። ልብ በይ፣ 0.05ን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት፤ ያንቺን የሚናገረው ዳታሽ ነው። ግን ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን አስተካክለሽ ያገኘሽው ድምዳሜ በዚህ በኩል ሊናድ ይችላል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ዳታውን በቀበሌ ከፋፍሎ ማየት ነው። በአንዱ ቀበሌ ሁሉም በመስመር፣ በሌላው ሁሉም በብተና ከሆነ፣ ቀጠናውን ሳይሆን ቀበሌውን ነው የለካሽው። በየቀበሌው ተቀላቅለው ከተገኙ ደግሞ ልብሽ ይረፍ።

መስተካከል ካለበት የራኦና ስኮት ማስተካከያ የሚባለው አለ። አር ላይ `survey` የሚባለው ፓኬጅ ይሠራዋል፦

```r
library(survey)
d <- svydesign(ids = ~kebele, strata = ~ketena, data = gebere)
svychisq(~ketena + azerar, d)
```

`kebele`፣ `ketena` እና `azerar` ያንቺ ፋይል ውስጥ ያሉት የአምድ ስሞች ናቸው፤ እንዳለሽው ቀይሪያቸው። ስለ ክብደት ማስጠንቀቂያ ቢያወጣ አትደንግጪ፤ ሁሉንም ገበሬ እኩል ቆጥሬዋለሁ ማለቱ ነው። ፋይልሽ ውስጥ የቀበሌ አምድ ከሌለ፣ የመጠይቁ ወረቀት አናት ላይ መጻፉ አይቀርምና ተቀምጠሽ አስገቢው። 240 ወረቀት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ምዕራፍ አራትን ለአማካሪሽ ከመላክሽ በፊት ይህችን ጨርሺ፤ ውጤቱ ካልገባሽ የቀበሌውን ሠንጠረዥ እዚሁ ለጥፊውና አብረን እናየዋለን።